ፈቶግረፈ፦ በእዝባር መካከል ያሉትን የድምፅ ምልክቶች እንዴት እናነባለን?

ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ሥር፣ ታክሲ ተራው አጠገብ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለች። እዚያ የምትሠራ ልጅ ማታ ማታ እንግሊዝኛ እንዳግዛት ቤት ትመጣለች። ባለፈው ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርታ ስለ ራሷ መናገር እየተለማመድን ነበር። "አይ አም ኤ ፎቶግራፈር" ትላለች፤ "ግራ" ላይ ጫን አድርጋ። ስልኳ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈትንና የድምፅ ማጉያዋን ምልክት ነካን። ሰማች። "አሁን በይው" አልኳት። "ፎቶግራፈር።" ደግመን ነካን። "ፎቶግራፈር።" ለሦስተኛ ጊዜ ልንነካ ስንል ኔትወርኩ ሄደ።

"ቲቸር፣ እኔስ እንደሱ አይደል እንዴ ያልኩት?" አለችኝ። አልዋሸችም። ጆሮ የሚሰማው የለመደውን ነው። የማያውቀው ድምፅ ሲመጣበት ወደሚያውቀው ይጠመዝዘውና "ያው ነው" ይላል። ሺህ ጊዜ ብናስደምጣት ሺህ ጊዜ ፎቶግራፈር ነው የምትሰማው።

ኔትወርክ ቢጠፋም ስክሪኑ ላይ የቀረች አንዲት መስመር ግን ነበረች፦

```
photographer  /fəˈtɒɡrəfə/
```

"ይቺን ሁሌ እንዘላታለን" አለች። እኔም ተማሪ ሆኜ እዘላት ነበር። ብዙ መምህራንም ይዘሏታል፣ እንዳንተዛዘብ። ይህ መመሪያ እንግዲህ ይቺን መስመር ስለማንበብ ነው። ሌላ ነገር የለውም። አማርኛ የሚናገር ሰው የት የት እንደሚሳሳት እያየን፣ ፊደላችን የት እንደሚያግዘንና የት እንደሚያሳስተን እየለየን እንሄዳለን።

መጀመሪያ፦ እዝባሮቹ ምን ማለት ናቸው

ምልክቶቹ የዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ናቸው። በ1886 ፓሪስ ውስጥ በፖል ፓሲ መሪነት የቋንቋ መምህራን ማኅበር አቋቋሙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፊደሉ ወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ምልክት ለአንድ ድምፅ፣ አንድ ድምፅ በአንድ ምልክት። ሙሉው ሠንጠረዥ ከመቶ በላይ ምልክት አለው፤ አትደንግጡ። ለብሪታንያ እንግሊዝኛ የሚያስፈልጉት 44 ብቻ ናቸው፦ 24 ተነባቢና 20 አናባቢ። ከተነባቢዎቹ ደግሞ አብዛኞቹ በእጃችን ያሉ ናቸው።

በሁለት እዝባር / / መካከል የተጻፈው ድምፅ ሁሉ አይደለም። ትርጉም የሚለውጠው ድምፅ ብቻ ነው። ይህንን ለማስረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። "ገና" ብለን እንጽፋለን። "ገና አልመጣም" የሚለውም ገና ነው፣ ዶሮ የሚታረድበትም ገና ነው። ስንናገረው ግን አንዱ ይላላል፣ አንዱ ይጠብቃል፦ /ɡəna/ እና /ɡənna/። አንዷ ን ስትደገም ትርጉሙ ተቀየረ። ስለዚህ በእዝባሩ ውስጥ ቦታ አላት። ፊደላችን የማያሳየውን መጥበቅ እነዚህ ምልክቶች ያሳያሉ። ለውጭ ሰው አማርኛ የምታስተምሩ ከሆነ ይህቺ ብቻዋን ብዙ ራስ ምታት ታስቀርላችኋለች፤ /alə/ እና /allə/ ብላችሁ ስትጽፉ "ተናገረ" የሚለው አለና "ይኖራል" የሚለው አለ ለተማሪው በዓይን ይለያሉ።

አሁን ደግሞ "አበባ" በሉ፣ ቀስ ብላችሁ ሳይሆን በወሬ ፍጥነት። ሁለቱ በዎች ላይ ከንፈራችሁ አጥብቆ አይገጥምም፤ ነፋስ ያሾልካል። ግን እንደዚያ ብንልም ባንልም አበባ አበባ ነው፣ ትርጉም አይለወጥም። በእዝባር ስንጽፈው /abəba/ ብለን እናልፋለን። ያንን የከንፈር መላላት ማሳየት የፈለገ ሰው በማዕዘን ቅንፍ [aβəβa] ብሎ ይጽፋል። የማዕዘን ቅንፍ የተመራማሪ ሥራ ነው፤ የመዝገበ ቃላት ተጠቃሚ ብዙም አያገኘውም። ካገኛችሁት ግን ያው እዝባር ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ከእዝባሩ በላይ ዝርዝር የያዘ ነው።

ቀጥሎ፦ ተነባቢዎቹ፣ በተለይ ቀጣፊዎቹ

/b d f k l m n p s t w z h/ የላቲን ፊደል የሚያውቅ ሁሉ ያነባቸዋል። /ʃ/ ሸ ናት፣ /tʃ/ ቸ፣ /dʒ/ ጀ፣ /ʒ/ ዠ። እነዚህ አያስቸግሩም። የሚያስቸግሩት የምናውቃቸው የሚመስሉት ናቸው።

የመጀመሪያዋ /j/ ናት። ጀ አይደለችም፤ የ ናት። እኔ ራሴ ኮሌጅ እያለሁ /ˈjeləʊ/ የሚለውን ክፍል ፊት ቆሜ "ጄሎ" ብዬ አንብቤ ለአንድ ሴሚስተር "ጄሎ" የሚል ቅጽል ወጥቶልኛል። ቢጫ ማለት ነው ቃሉ። /jes/ ስታዩም "የስ" በሉ። ጀን የምታገኙት ሁለቱ ምልክቶች ተጣብቀው /dʒ/ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛዎቹ መንታዎች ናቸው፦ /ŋ/ እና /ɲ/። ሁለቱም ጅራት ያላቸው n ናቸው። ጅራቱ ከቀኝ እግሯ ከወረደ /ŋ/፣ ከግራ እግሯ ከወረደ /ɲ/። የግራዋ የእኛ ኘ ናት፣ እንግሊዝኛ ውስጥ አትገኝም። የቀኟን ደግሞ አናውቃትም እንላለን እንጂ በየቀኑ እንላታለን፦ "ባንክ" ስትሉ ን ላይ ምላሳችሁ ጥርስ ይነካል? አይነካም። ከኋላ ነው የሚዘጋው። ያቺው ናት። ችግሩ ብቻዋን ቃል ስትጨርስ ነው። መዝፈን የሚለው /sɪŋ/ ነው፤ እኛ "ሲንግ" ብለን ግ እናስከትላለን። መስመሩ ላይ /ɡ/ ከሌለች አትበሏት። ጣት ግን /ˈfɪŋɡə/ ነው፤ እዚያ /ɡ/ አለች፣ በሏት።

በእውነት አዲስ የሆኑት /θ/ እና /ð/ ብቻ ናቸው። ምላስን በጥርሶች መካከል ትንሽ አውጥቶ አየር ማሾለክ፤ ለመጀመሪያዋ ያለ ድምፅ፣ ለሁለተኛዋ ጉሮሮን እያነዘሩ። /θɪŋk/ ማሰብ ነው፣ /sɪŋk/ መስመጥ ወይም የሳህን ማጠቢያው። "አይ ሲንክ" ስንል እየሰመጥኩ ነው እያልን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ ብቻ የሚመጣ ጣጣ አለ። ጉሮሮን ዘግተን የምናፈነዳቸው ድምፆቻችን፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ፣ በዚህ ፊደል ሲጻፉ ከጎናቸው ጭረት ይደረግባቸዋል፦ /tʼ kʼ tʃʼ pʼ sʼ/። ቀን /kʼən/ ነው። ይህቺ ጭረት የተጠማዘዘች ናት፣ ሁሌ ከተነባቢው በኋላ ትመጣለች። /fəˈtɒɡrəfə/ ውስጥ ያለችው ጭረት ግን ቀጥ ያለች ናት፣ ከክፍለ ቃሉ በፊት ትቆማለች፣ ሥራዋም ሌላ ነው። ፎቶ ቤቷ ልጅ አይታ "ጠ ናት?" አለችኝ፤ ˈt ስለሆነባት። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጠ የለም፤ ቀጥ ያለች ጭረት ስታዩ ጫና ናት፣ ወደ እሷ እንመለሳለን።

አናባቢው ላይ እንቆይ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። ከዚያች መስመር ውስጥ የተገለበጠችው e፣ /ə/፣ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች። እንግሊዝኛ ውስጥ እንደሷ የሚደጋገም አናባቢ የለም። ደግነቱ ደግሞ ብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲቸገሩባት እኛ በጣም የምትቀርባት አለችን፦ ግዕዙ። በ፣ ለ፣ ፈ፣ ተ ስንል ከተነባቢው ቀጥሎ የምትወጣው ኧ። አጠር፣ ለስለስ አድርጉና ያው ናት። የአማርኛ ተናጋሪ ሳያውቀው በትክክል ይላታል፤ "ዶክተር" ስንል "ተ" ላይ ያለችው ናት። መዝገበ ቃላቱ /ˈdɒktə/ ይላል። ቃሉን ወደ አማርኛ ያመጡት ሰዎች "ዶክቶር" ሳይሉ "ዶክተር" ማለታቸው ጆሮ እንዳላቸው ያሳያል፤ ያተረፍነው ር ብቻ ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። አ እና ሀ በስም ግዕዝ ቢሆኑም በድምፅ ራብዕ ናቸው፣ ስለዚህ ቃል በ/ə/ ሲጀምር ኧ እንጂ አ አትበሉ። ቸ፣ ሸ፣ ጀ፣ የ ላይ ደግሞ አዲስ አበባና አካባቢው ግዕዙ ወደ ኤ ይሳባል። "ቲቸር" ስንል "ቲቼር" የምንለው ለዚህ ነው። /ˈtiːtʃə/ ስታነቡ ቸን ወደ ኤ አትሳቧት።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ይህቺው የተገለበጠች e በሌላ ቦታ ሌላ ነገር ናት። ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች የተጻፉ ብዙ የጥናት ሥራዎችና መዝገበ ቃላት የራሳቸው የቆየ አጻጻፍ አላቸው። እነሱ ለግዕዙ ä ይጽፋሉ፣ ə ደግሞ ለሳድሱ ነው የሚሰጧት። በዓለም አቀፉ ፊደል ግን ግዕዙ በብዛት ə፣ ሳድሱ ɨ ነው። ስለዚህ səm የሚል ብታገኙ፣ አንዱ መጽሐፍ ውስጥ ሰም ነው፣ ሌላው ውስጥ ስም ነው። ሻማና መጠሪያ! የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ገጹ ላይ ä ወይም š ወይም ñ ፈልጉ። ካለ የቆየው አጻጻፍ ነው፣ ə እንደ እ ትነበባለች። ɨ ወይም ʃ ወይም ɲ ካለ ዓለም አቀፉ ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የጻፈ የማስተማሪያ ጽሑፍም አጋጥሞኛል፤ እሱን ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው።

ከ/ə/ ቀጥሎ የሚያጣላን እኛ "ኣ" ብለን አንድ ያደረግናቸው ናቸው። /hæt/ ባርኔጣ፣ /hʌt/ ጎጆ፣ /hɑːt/ ልብ። ሦስቱንም "ሃት" ብለን፣ ለልብ ብቻ ር እንጨምራለን። /æ/ን ለማግኘት ኤ በሉና አገጫችሁን ወደ ታች ጣሉት፣ ምላስ ወደፊት ይቅር። /ʌ/ አጭር ኣ ናት፣ ግማሽ መንገድ ወደ ኧ የሄደች። /ɑː/ ሐኪም "አፍሽን ክፈቺ" ሲል የምንላት ረጅሟ ናት። ከምልክቷ በኋላ ያሉት ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች፣ ː፣ ርዝመት ናቸው።

/iː/ እና /ɪ/ም እንዲሁ ናቸው፤ /ʃiːp/ በግ፣ /ʃɪp/ መርከብ። እዚህ ላይ ብዙ መምህር "አንዷ ረጅም፣ አንዷ አጭር" ብሎ ያልፋል። በቂ አይደለም። ኢን አሳጥራችሁ ብትሉ አጭር በግ እንጂ መርከብ አይሆንም። /ɪ/ ኢና እ መካከል ያለች ናት። ኢ በሉ፣ ከንፈራችሁን አላሉ፣ ምላሳችሁ ትንሽ ዝቅ ይበል። እ ከመድረሳችሁ በፊት ቁሙ። /uː/ እና /ʊ/ በዚሁ መንገድ ይለያያሉ።

ጥንድ አናባቢዎቹ ስምንት ናቸው፣ አብዛኞቹም ቀላል ናቸው፤ /aɪ/ ኣይ፣ /eɪ/ ኤይ፣ /ɔɪ/ ኦይ፣ /aʊ/ ኣው። የምታስቀው /əʊ/ ናት፤ ኧው። "አይደለም" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል /nəʊ/ ነው። በፊደላችን ስንጽፈው "ነው" ይሆናል! "ኖ" ከምትሉ የአማርኛውን ነው ብትሉ ለለንደን ሰው ይቀርባል። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው አንድም ተማሪ ረስቶት አያውቅም።

አናባቢ ቁጠሩ፣ ከዚያ ጭረቷን ፈልጉ

ፊደላችን አንድ ልማድ አስተምሮናል። ሁለት ተነባቢ ሲጎራበቱ መካከላቸው ወይም ፊታቸው እ እናስገባለን፤ ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ ስላለው፣ አንዳንዴ ስለሌለው። "ትምህርት" የሚለውን አምስት ፊደል እንጽፋለን፣ አምስቱም ሳድስ። ሲነበብ ግን /tɨmhɨrt/ ነው፣ እ ያላቸው ት እና ህ ብቻ። አማርኛ አንባቢ ይህንን በልምድ ያውቀዋል። ለእንግሊዝኛ ግን ያንኑ ልምድ ይዞ ይሄድና /skuːl/ የሚለውን "እስኩል" ያደርገዋል።

መድኃኒቱ መቁጠር ነው። በእዝባሩ ውስጥ ያሉትን የአናባቢ ምልክቶች ቁጠሩ፣ ጥንዶቹን እንደ አንድ። ያ ቁጥር የክፍለ ቃሎቹ ቁጥር ነው። ከዚያ ቃሉን እያላችሁ ጠረጴዛ ምቱ። /skuːl/ አንድ አናባቢ፣ አንድ ምት። ሁለት ከመታችሁ እ ሰርጋ ገብታለች። /striːt/ አንድ ነው። "እስትሪት" ስትሉ ስንት ትመታላችሁ? ለማስወገድ ስን ሳብ አድርጉት፣ ስስስስኩል፣ ድምፁ ሳይቋረጥ ኩ ላይ ግቡ። ለሁለት ለሦስት ቀን እባብ ትመስላላችሁ፣ ከዚያ ይለቃል። አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፦ /ˈteɪbl/ ላይ አናባቢው አንድ ቢመስልም ምቱ ሁለት ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችው /l/ ራሷ ክፍለ ቃል ትሆናለች። /n/ም አንዳንዴ እንዲያ ታደርጋለች።

ከዚያ ጭረቷ። ˈ ከፊቷ ያለውን ሳይሆን ቀጥሎ የሚመጣውን ክፍለ ቃል ጫን በሉት ትላለች። ከታች የምትጻፈው ˌ ደግሞ ቀለል ያለ ጫና ናት። አማርኛ ጫና ቢኖረውም ትርጉም አይለይበትም፣ ስለዚህ ጆሯችን ሰነፍ ነው። ጫን ማለት መጮህ አይደለም። ክፍለ ቃሉን ረዘም፣ ድምፁን ከፍ፣ አናባቢውን ጥርት ማድረግ ነው፤ ሌሎቹን ደግሞ ማሳነስ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ማሳነስ ነው።

ፎቶ ቤቷን ልጅ እንመልሳት

መስመሯን በወረቀት ጻፍንላት፦ /fəˈtɒɡrəfə/። አናባቢ ቁጠሪ አልኳት። ə፣ ɒ፣ ə፣ ə። አራት። ጠረጴዛ ላይ አራት ምት። ጭረቷ የት ናት? ከ/t/ በፊት። ስለዚህ ሁለተኛው ምት ይከብዳል፤ "ግራ" ብላ ትጭነው የነበረው ቦታ ሦስተኛው ነው፣ እሱ ቀላል መሆን አለበት።

ከዚያ እያንዳንዱን በፊደላችን ጻፍነው። /fə/ ፈ። /tɒ/ ቶ፣ ከእኛው ቶ አፍ ከፈት ያለ። /ɡrə/ ላይ ቆም አልን፤ ግና ረ ተጣብቀው፣ መካከላቸው እ ሳይኖር፤ ምት አንድ ብቻ። /fə/ ፈ። መጨረሻ ላይ /r/ የለም፣ ስለዚህ ር የለም።

ፈ-ቶ-ግረ-ፈ።

"ፈቶግረፈ?" ብላ ሳቀች። "የግዕዝ ግስ አስመሰልከው እኮ፣ ቲቸር!" እውነቷን ነው፣ ቃለ ግዕዝ ይመስላል። ግን ደጋግማ አለችው፣ ሁለተኛው ላይ እየተደገፈች። ቶን ስትጭን ሌሎቹ በራሳቸው ያንሳሉ። ኔትወርኩ ሲመለስ ድምፁን ነካን። ዝም ብላ ሰማችና "ለካ ፎቶ አላሉም" አለች። መጀመሪያ በዓይኗ ስላየችው ጆሮዋ አሁን የሚፈልገውን ያውቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ አንብቡ፣ ቀጥሎ በሉ፣ በመጨረሻ አድምጡ። ክፍል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ግልባጩን ነው።

ዘመዶቹንም አሳየኋት፦

```
photograph    /ˈfəʊtəɡrɑːf/
photographer  /fəˈtɒɡrəfə/
photographic  /ˌfəʊtəˈɡræfɪk/
```

አጻጻፋቸው አንድ ቤት ያደጉ ነው የሚመስለው። ጭረቷን ግን ተከተሉ። መጀመሪያው ላይ ጫናው ፊት ነው፣ ስለዚህ "ፈው" ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቀጥሎ ያለው ወደ ተ ያንሳል። ሁለተኛው ላይ ጫናው ወደ ቶ ሲሄድ "ፈው" ወደ ፈ ተሸበሸበ። ሦስተኛው ላይ ወደ ግራፍ ሄደ። ጫናው ጥሎት የሄደው አናባቢ ወደ /ə/ ይጠወልጋል። ሁሌ ነው ማለቴ አይደለም፣ አንዳንዴ ወደ /ɪ/ ይሄዳል። ግን ጫናው ስህተት ቦታ ከወደቀ አናባቢዎቹም አብረው እንደሚበላሹ ከዚህ ታያላችሁ። "ፎቶግራፈር" አንድ ስህተት ይመስላል እንጂ አራት ነው።

መዝገበ ቃላቶቹ ሲለያዩ

ሁለት መዝገበ ቃላት ከፍታችሁ ሁለት የተለያየ ነገር ብታዩ ስህተት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ያው ቃል በአሜሪካኛ /fəˈtɑːɡrəfər/ ነው፤ ቶ ታ ሆነች፣ መጨረሻ ላይ /r/ ተመለሰች። ፈታግረፈር። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ፤ ብዙ የስልክ መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጡ የትኛውን እያነበባችሁ እንደሆነ ከፊቱ ያለውን ምልክት እዩ።

አንዳንዴ ደግሞ ድምፁ ያው ሆኖ ምልክቱ ብቻ ይለያል። አንዱ /bed/ ይላል፣ ሌላው /bɛd/። ልዩነት የለውም፣ አልጋ አልጋ ነው። /r/ም በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈችው እንደ እኛ ር ለምትንቀጠቀጠው ነው፤ የእንግሊዞቹ ተገልብጣ ɹ ተብላ መጻፍ ነበረባት። ግን እዝባር ውስጥ ከሌላ ጋር እስካልተምታታች ቀላሏን መጻፍ ይፈቀዳል። ስለዚህ /r/ ስታዩ ምላስ አታንቀጥቅጡ።

ቅንፍም ታያላችሁ፦

```
comfortable  /ˈkʌmf(ə)təb(ə)l/
```

በቅንፍ ያለው ቢባልም ባይባልም ችግር የለውም ማለት ነው። ስታወጧቸው /ˈkʌmftəbl/ ይቀራል፤ በእኛ ካምፍተብል። "ኮምፎርተብል" የምንለውን ፎር ፈልጉ እስቲ፣ የለችም።

ለክፍል ጽሑፍ የምታዘጋጁ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር። ጫናን በተራ ጥቅስ፣ ርዝመትን በሁለት ነጥብ አትጻፉ። ወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ሲፈልጉት አይገኝም፣ ተማሪውም ከጭረቷ ጋር ያምታታዋል። ትክክለኞቹ እነዚህ ናቸው፦

```
ˈ  U+02C8
ː  U+02D0
ə  U+0259
ʼ  U+02BC
```

ከስልክ መዝገበ ቃላት ቀድቶ መለጠፍም ይቻላል። ስታትሙት ባዶ ሳጥን ከወጣ ችግሩ የፊደሉ ቅርጽ ነው፤ `Charis SIL` ወይም `Doulos SIL` በነፃ ይገኛሉ፣ ምልክቶቹን ሁሉ ይይዛሉ። ሰፈራችን ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ላይ የሰጠሁት ፈተና በሙሉ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ወጥቶልኝ ያውቃል፤ አሁን ፋይሉን በ`PDF` ይዤ ነው የምሄደው።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የመጨረሻ ልምምድ ሰጠኋት። እንግሊዞች ከተማችንን እንዴት እንደሚጠሯት አንብቢ ብዬ /ˌædɪs ˈæbəbə/ ጻፍኩላት። ከሥሩ ደግሞ የእኛን፣ /addis abəba/። ቆጠረች፤ አምስት አናባቢ ከላይ፣ አምስት ከታች። ቀላሉን ጫና አገኘች፣ ከባዱን አገኘች። ከሁለቱ መስመር በትክክል የተመሳሰለችው አናባቢ የቷ ናት ስላት ጣቷን "በ" ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ላይኛው መስመር ተመልሳ ትንሽ አየችና ሳቅ እያለች፣

"ቲቸር፣ ዲውን ግን አላጠበቁትም" አለችኝ።